ኤንዲኤ ከመፈረም በፊት፦ ቃላችንን ላፕቶፓችን ይጠብቀዋል?

ከውጭ ድርጅት ጋር የሚሠራ ፍሪላንሰር ሥራው ከመድረሱ በፊት አንድ ሰነድ ይላክለታል። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ቢሆን ነው። የምስጢር ጥበቃ ውል ነው፤ በሙያው ሰዎች አፍ ኤንዲኤ። አብሮት የሚመጣው ኢሜይል አጭር ነው፦ «ለፎርማሊቲ ያህል ነው፣ ፈርመው ይመልሱልን።» ዋናው ፋይል የሚላከው ፊርማው ሲደርስ ነው፤ ቀነ ገደቡም ያጣድፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ከፍቶ ይፈርማል።

ሕግ ግን ለፎርማሊቲ የተፈረመ ውል ብሎ የሚለየው ነገር የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ እንደሚያገለግል ይደነግጋል። አንብቦ የፈረመውም ሳያነብ የፈረመውም እኩል ይገደድበታል።

ብዙዎቻችን ኤንዲኤ ሲደርሰን ራሳችንን የምንጠይቀው «እኔ የሰው ምስጢር አወጣለሁ እንዴ?» ብለን ነው። መልሱ «በጭራሽ» ስለሆነ እንፈርማለን። ጥያቄው ግን ይህ አይደለም። ፍሪላንሰር ብዙውን ጊዜ ውሉን የሚጥሰው ምስጢር ሸጦ አይደለም። ፋይሉ ሳያስበው የሆነ ቦታ ስለሚቀር ነው። ቴሌግራም ላይ ይቀራል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፣ ለጥገና በተሰጠ ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱን አንቀጽ ስናነብ መጠየቅ ያለብን «ይህን በእኔ ቤት፣ በእኔ ላፕቶፕ፣ በዕለት ተዕለት አሠራሬ ልፈጽመው እችላለሁ ወይ?» ብለን ነው። የማንችለውን መፈረም፣ ልባችን ንጹሕ ቢሆንም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውል መጣስ ነው።

በሴፕቴምበር 2017 የኖርዌይ ብሔራዊ ማሰራጫ ኤንአርኬ የዘገበው ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። የነዳጅ ኩባንያው ስታቶይል፣ ዛሬ ኤኩኖር የሚባለው፣ Translate.com በተባለ ነፃ የትርጉም ድረ ገጽ ላይ የገቡ ጽሑፎቹ በጉግል ፍለጋ እንደሚገኙ ደረሰበት። ጋዜጠኞቹ ሲፈልጉ ከሌሎች ድርጅቶችም የሥራ ስንብት ደብዳቤዎች፣ ውሎች፣ የይለፍ ቃሎች ሳይቀሩ አገኙ። ጽሑፎቹን እዚያ ያስገቡት ሰዎች ሰላዮች አልነበሩም። ሥራቸውን ቶሎ ለመጨረስ የፈለጉ ሠራተኞች ነበሩ።

ነገሩን በአንድ ሥራ እንየው። አዲስ አበባ የምትሠራ አንዲት የአማርኛ ተርጓሚ እናስብ። አውሮፓ ያለ የትርጉም ኤጀንሲ ሥራ አቀረበላት። ሰነዱ ለአንድ አዲስ መድኃኒት ሙከራ ተሳታፊዎች የሚሰጥ መግለጫና የስምምነት ቅጽ ነው። ርዝመቱ 9,000 ቃል፣ ክፍያው በቃል 0.06 ዩሮ፣ በጠቅላላው 540 ዩሮ ነው። ከሥራው በፊት የሦስት ገጽ ውል ተላከላት። እሷም ቡና አፍልታ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ማንበብ ጀመረች።

መጀመሪያ ማየት ያለባት ከማን ጋር እንደምትዋዋል ነው። የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ የተመዘገበበት አገር፣ የምዝገባ ቁጥሩና የሚፈርመው ሰው ኃላፊነት ውሉ ላይ መኖር አለባቸው። ኢሜይሉ የመጣበት አድራሻም ከድርጅቱ ድረ ገጽ ጋር መግጠም አለበት። የተርጓሚዎችን የሥራ ልምድ ማስረጃ ሰብስበው በእነሱ ስም ሥራ የሚያድኑ አጭበርባሪዎች አሉ። ኤንዲኤ ደግሞ ለእነሱ ጥሩ ሽፋን ነው፤ ከውሉ ጋር የፓስፖርት ቅጂና የባንክ ቁጥር ቢጠይቁ ማንም አይጠራጠርም። የፓስፖርት ቅጂ ለምስጢር ጥበቃ ውል አያስፈልግም። የባንክ ቁጥርም የክፍያ ሰዓት ሲደርስ የሚሰጥ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ምስጢር ምንድን ነው የሚለው አንቀጽ ነው። በእሷ ውል ላይ «ኤጀንሲው በማናቸውም መንገድ የሚሰጣት ማናቸውም መረጃ» ይላል። ይህ በጣም ሰፊ ነው። ኤጀንሲው ድረ ገጹ ላይ ያወጣው ስልክ ቁጥሩ እንኳ በዚህ አገላለጽ ምስጢር ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ሰው አይጠብቀውም፤ የማይጠበቅ አንቀጽ ደግሞ አንድ ቀን ጠብ ሲነሳ ለማጥቂያነት ይመዘዛል።

ማስጠበብ ይቻላል። ምስጢር የሚባለው በጽሑፍ «ምስጢር» ተብሎ የተሰጠ ወይም ከባሕርይው ምስጢርነቱ ግልጽ የሆነ መረጃ እንዲሆን መጠየቅ ነው። ከዚያ ደግሞ በሙያው የተለመዱት አራት ልዩ ሁኔታዎች መኖራቸውን ማየት። አንዱ ያለ እሷ ጥፋት ለሕዝብ ይፋ የሆነ መረጃ ነው። ሁለተኛው ከውሉ በፊት ታውቀው የነበረ ነው። ሦስተኛው የመስጠት መብት ካለው ሌላ ሰው ያገኘችው ነው። አራተኛው የእነሱን መረጃ ሳትጠቀም በራሷ ሥራ የደረሰችበት ነው። እነዚህ አራቱ በብዙ ውሎች ላይ ስላሉ፣ ጎድለው ሲገኙ ይግቡልኝ ማለት እንደ ችክታ አይቆጠርባትም።

ሁለተኛውና አራተኛው ለተርጓሚ የኑሮ ጉዳይ ናቸው። በሕክምና ትርጉም ለዓመታት የሠራች ሰው የራሷ የቃላት ዝርዝር አላት። «የጎንዮሽ ጉዳት» የት እንደሚገባ፣ «የዘፈቀደ ምደባ» ለገበሬም እንዲገባ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ይህ ሁሉ የእሷ ሙያ ነው። ውሉ ሳይለየው ከቀረ፣ ሥራው ሲያልቅ ያ ዝርዝር የማን ነው የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረሟ በፊት አንድ ቀላል ነገር ታደርጋለች። የቃላት ዝርዝሯን በዕለቱ ለራሷ በኢሜይል ትልካለች። ከውሉ በፊት እጇ ላይ እንደነበረ ቀኑ ይመሰክርላታል።

ሦስተኛው ነገር ማን ሊያየው ይችላል የሚለው ነው። ውሉ «ለማንም ሦስተኛ ወገን» አይገለጥም ይላል። ትርጉሙን የሚያርምላት ባልደረባ አለ። ውሉን የሚያይላት ጠበቃ አለ። ገቢዋን የሚያሳውቅላት የሒሳብ ባለሙያ አለ። ሁሉም ሦስተኛ ወገን ናቸው። ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ በውሉ እንዲፈቀዱ ትጠይቃለች። አራሚው ግን ሌላ ነው። ከእሱ ጋር የምትሠራ ከሆነ በጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት፣ እሱም ተመሳሳይ ውል መፈረም አለበት። ሥራ ሲበዛ ግማሹን ለጓደኛ ማካፈል በእኛ ዘንድ የተለመደ መተጋገዝ ነው። በኤንዲኤ ሥር ግን ያለ ፈቃድ የተካፈለ ገጽ ያው የወጣ ምስጢር ነው፤ ጓደኛው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን።

ዘመኑንም ማየት ያስፈልጋል። ግዴታው ሥራው ካለቀ በኋላ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ይቆያል ቢባል የሚኖሩበት ነው። «ለዘላለም» የሚል ከሆነ ለየት አድርጎ መጠየቅ ይገባል። እውነተኛ የንግድ ምስጢር፣ ለምሳሌ የመድኃኒቱ አሠራር፣ ምስጢር ሆኖ እስከቆየ ድረስ ቢጠበቅ ተገቢ ነው። የሰዎች የጤና መረጃም እንዲሁ። የኤጀንሲው የዋጋ ዝርዝር ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ማንን ይጎዳል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ገጽ እንለፍ። በእኔ እምነት እዚህ ነው ቀስ ብሎ ማንበብ የሚያስፈልገው፤ ምክንያቱም ስለ ምስጢር የማያወሩ አንቀጾች የሚደበቁት እዚህ ነው። በእሷ ውል አንቀጽ 7 ላይ እንዲህ ይላል፦ «ተርጓሚዋ ውሉ ካበቃ በኋላ ለሁለት ዓመት ከኤጀንሲው ደንበኞች ጋር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ አትሠራም።» ደንበኞቹ እነማን እንደሆኑ አይናገርም። ትጠይቅ እንዳይባል ደግሞ ዝርዝሩ ራሱ ምስጢር ነው። እንግዲህ ይህ ኤጀንሲ ለትልልቅ የእርዳታ ድርጅቶችና ለመድኃኒት ኩባንያዎች የሚሠራ ከሆነ፣ የአማርኛ ሥራ የሚሰጧት ድርጅቶች አብዛኞቹ እዚያ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። የ540 ዩሮ ሥራ ወስዳ የሁለት ዓመት ገበያዋን ዘጋች ማለት ነው።

መፍትሔው አንቀጹን ማጥበብ ነው። «በዚህ ኤጀንሲ በኩል በስም የተዋወቀቻቸውና በእርግጥ ሥራ የሠራችላቸው ደንበኞች፣ ለ12 ወር፣ ከዚህ በፊት ራሷ ታውቃቸው የነበሩትን ሳይጨምር» ቢባል ሁለቱንም ይጠብቃል። ኤጀንሲው ደንበኛው እንዳይነጠቅ መፍራቱ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ይህ ጥያቄም ያንን አይነካበትም።

ከዚያ መቀጫው። አንቀጽ 9 ለእያንዳንዱ ጥሰት 25,000 ዩሮ ይላል። ከክፍያዋ ጋር ስናስተያየው ከ46 እጥፍ በላይ ነው። «ይህን ያህልማ ማንም አይጠይቀኝም» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እንዲህ ያለው አንቀጽ ግን ሌላኛው ወገን ምን ያህል እንደተጎዳ ከማስረዳት ድካም የሚያድነው ነው። በእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1889 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ተዋዋዮች መቀጫን አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳሉ፤ ጉዳት ባይደርስም መቀጫው ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሕግ የሚገዛ ውል ከአገር ውስጥ ደንበኛ ጋር ስንፈርምም «ዳኛ ይቀንሰዋል» ብሎ መተማመን አያዋጣም። መጠኑን መቀነስ ያለብን ከፊርማ በፊት ነው። ጥሩ ጥያቄ የሚሆነው መቀጫው ወጥቶ በእርግጥ በደረሰና በተረጋገጠ ጉዳት እንዲተካ፣ ጣሪያም እንዲበጅለት ነው። ጣሪያው የክፍያው እጥፍ ይሁን አምስት እጥፍ፣ ዋናው ነገር ቁጥሩ ቢመጣ ልትከፍለው የምትችለው መሆኑ ነው።

የመጨረሻው ገጽ ላይ የየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛና ክርክር የት እንደሚታይ ይጻፋል። አብዛኛው ሰው ይዘለዋል፤ «አውሮፓ ሄጄ ልከራከር ነው?» ብሎ። ግን ልዩነት አለ። የውጭ አገር ፍርድ ቤት ውሳኔ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲፈጸም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። አንደኛው ያ አገር የእኛን ፍርድ ቤቶች ውሳኔ የሚፈጽም መሆኑ ነው። በግልግል ዳኝነት የተሰጠ ውሳኔ ግን ሌላ መንገድ አለው። ኢትዮጵያ የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለመፈጸም የተደረገውን የኒው ዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች። ስለዚህ ውሉ «ክርክሩ በግልግል ይታያል» የሚል ከሆነ፣ ርቀት ያስጥለኛል ብሎ ማሰብ ከበፊቱ የበለጠ አደገኛ ነው። የግልግሉ ወጪም ማን ላይ እንደሚወድቅ ማየት ተገቢ ነው፤ ለ540 ዩሮ ሥራ ሦስት የግልግል ዳኞች መቅጠር ለተርጓሚዋ መከራከሪያ በር አይሆናትም።

አንድ ነገር ደግሞ የትኛውም ውል ሊዘጋው አይችልም። ሕገ ወጥ ነገርን ለመደበቅ የተደረገ ውል ዋጋ የለውም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1716 ሕገ ወጥ ወይም ኢሞራላዊ ግዴታ ያለበት ውል እንደማይጸና ይናገራል። ፍርድ ቤት ሲያዝም ሰነድ ይቀርባል። ጥሩ ውል ይህን በግልጽ ይጽፋል፤ የተጠየቀው ሰው፣ ሕግ እስከፈቀደለት ድረስ፣ አስቀድሞ ለደንበኛው እንዲያሳውቅም ይላል። አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችንና ከአሜሪካ ደንበኛ ጋር ለሚሠሩ ደግሞ የሚጠቅም ነጥብ አለ። በ2016 የወጣው የፌዴራል የንግድ ምስጢር ሕግ የተጠረጠረ የሕግ ጥሰትን ለመጠቆም ወይም ለማስመርመር ብቻ ለመንግሥት ባለሥልጣን ወይም ለጠበቃ በምስጢር የንግድ ምስጢር የገለጠን ሰው ከተጠያቂነት ነፃ ያደርጋል። አሠሪው ይህን መብት በውሉ እንዲያሳውቅ ይጠበቅበታል፤ ለኮንትራክተሮችም ጭምር። ሳያሳውቅ ከቀረ በዚያ ሕግ መሠረት ከዚያ ሰው ላይ ተጨማሪ የቅጣት ካሳና የጠበቃ ወጪ መጠየቅ አይችልም።

እንግዲህ ተርጓሚዋ ሁሉንም አነበበች። ምን ትጻፍ? ሁሉንም አንቀጽ ልቀይር ካለች ሥራው ለሌላ ይሄዳል። የሚሻለው ከባዶቹን ሦስት መርጦ፣ ምትክ ዓረፍተ ነገሩን ራሷ አዘጋጅታ መላክ ነው። ኢሜይሏ ይህን ይመስላል፦

«ውሉን አንብቤዋለሁ፣ ምስጢሩን ለመጠበቅም ዝግጁ ነኝ። ሦስት ማስተካከያ እጠይቃለሁ። በአንቀጽ 2 ላይ የተለመዱት አራቱ ልዩ ሁኔታዎች ይግቡልኝ። አንቀጽ 7 በእናንተ በኩል በእርግጥ በሠራሁላቸው ደንበኞች ለ12 ወር ይወሰን። አንቀጽ 9 በተረጋገጠ ጉዳት ይተካ፣ ጣሪያውም የሥራው ክፍያ አምስት እጥፍ ይሁን። ጽሑፉን በቀይ አስገብቼ አያይዤዋለሁ። ዛሬ ከተስማማን ዛሬውኑ ፈርሜ እልካለሁ።»

ለኤጀንሲው ሠራተኛ ይህ ቀላል ኢሜይል ነው። የሚያስብበት ነገር የለም፤ ለኃላፊው ያስተላልፈዋል፣ አዎ ወይም አይ ይባላል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ያልፋል። ሁለተኛው በድርድር ይጠባል። መቀጫው ላይ «የድርጅቱ ፖሊሲ ነው» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ውሳኔው የእሷ ነው። እኔ ብሆን ቁጥሩ ሳይነካ 25,000 ዩሮ ለእያንዳንዱ ጥሰት የሚል ውል ለ540 ዩሮ ሥራ አልፈርምም። ከተስማሙ ደግሞ እነሱም የፈረሙበትን ቅጂ መቀበልና ማስቀመጥ አለባት። አንድ ወገን ብቻ የፈረመበት ወረቀት ይዞ መቅረት የተለመደ ስንፍና ነው።

ውሉ ተፈረመ፣ ፋይሉ መጣ። ከዚህ በኋላ ምስጢር የሚጠበቀው በእጅ ሥራ ነው።

ተርጓሚዋ ላፕቶፗን ከወንድሟ ጋር ትጋራለች። ስለዚህ መጀመሪያ ለራሷ ብቻ የይለፍ ቃል ያለው የተጠቃሚ መለያ ትከፍታለች። ዲስኩንም ታመሰጥረዋለች። ዊንዶውስ ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቢትሎከር አለ፤ ከሌለ ቬራክሪፕት የተባለው ነፃ ፕሮግራም የተቆለፈ አቃፊ ይፈጥራል። ይህ ለሌባ ብቻ አይደለም። ላፕቶፑ ተበላሽቶ ለጥገና ሲሰጥ ቴክኒሻኑ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ሊከፍተው ይችላል። ያልተመሰጠረ ዲስክ ላይ የይለፍ ቃል እንቅፋት አይሆንበትም።

ፋይሉ የሚቀመጠው አንድ አቃፊ ውስጥ ብቻ ነው። ለመናገር ይቀላል፤ ለመፈጸም ግን ቴሌግራም አለ። ኤጀንሲው ፋይሉን በኢሜይል ልኮላት እሷ ከስልኳ ወደ ላፕቶፗ ለማሳለፍ ለራሷ በቴሌግራም ብትልከው፣ ኢሜይሉ ላይ ካለው ሌላ አሁን ሦስት ቅጂ አለ። አንዱ ስልኳ ላይ፣ አንዱ ላፕቶፗ ላይ ባለው Telegram Desktop የሚባል የማውረጃ አቃፊ ውስጥ፣ አንዱ በቴሌግራም ሰርቨር ላይ። የቴሌግራም ተራ ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ያ ያለው በሚስጥራዊው ቻት ብቻ ነው። ጉግል ድራይቭ ላይም አገናኙ Anyone with the link ተብሎ ከተከፈተ፣ ያ አገናኝ በተላለፈበት ሁሉ ፋይሉ ተላልፏል።

ፎቶ ኮፒ ቤቱንም እንዳንረሳው። ረጅም ጽሑፍ በወረቀት ላይ ማረም የሚቀናት ተርጓሚ ብዙ ናት። ፍላሿን ይዛ ትሄዳለች፣ ልጁ ፋይሉን ዴስክቶፑ ላይ ገልብጦ ያትመዋል። ከዚያ ገንዘብ ተከፍሎ መሄድ ነው። ፋይሉ ግን እዚያው ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጧል፤ ከሰው የልደት ካርድና ከተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ጋር። በኤንዲኤ ሥር ያለ ሰነድ ቤት ባለ ፕሪንተር ይታተማል ወይም ከነጭራሹ አይታተምም። ወረቀቱም ሲያልቅ ይቀደዳል፤ የስኳር መጠቅለያ ሆኖ ሱቅ ላይ መገኘት የለበትም።

በጣም በቀላሉ የሚያልፈው ስህተት ደግሞ የቃል እርዳታ መጠየቅ ነው። የተርጓሚዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ ሰው ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ጥሩ ነገር ነው። ተርጓሚዋ አንድ ከባድ ዓረፍተ ነገር ገጠማትና ስክሪን ሾት አንስታ ለጠፈችው። ከላይ የመድኃኒቱ የሙከራ ቁጥር አለ፣ ከታች የኩባንያው ስም። በአንድ ምስል ማን፣ ምን፣ የት እንደሚሞክር ለብዙ መቶ ሰዎች ተናገረች። ቃሉን ብቻ መጠየቅ ነበረባት። ዓረፍተ ነገሩ የግድ ካስፈለገ ስሙንና ቁጥሩን አውጥታ፣ ርዕሰ ጉዳዩን ለውጣ፣ ራሷ የጻፈችው አዲስ ምሳሌ ማድረግ ትችላለች። ነፃ የትርጉም ድረ ገጾችም በዚሁ ሚዛን ይታያሉ። ጽሑፉን ማን እንደሚያስቀምጠው ካልታወቀና ደንበኛው በጽሑፍ ካልፈቀደ፣ አንድም አንቀጽ እዚያ አይገባም።

ሰነዱ የሰዎች ስምና የጤና ሁኔታ ያለበት ከሆነ ጉዳዩ ከውሉም ያልፋል። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ በአውሮፓ በኩልም የራሳቸው ሕግ አለ። ደንበኛው ቢፈቅድ እንኳ የሕመምተኛን ስም ሜዳ ላይ ማውጣት አይቻልም።

ሥራው ተጠናቆ ተላከ። ውሉ በ30 ቀን ውስጥ ሁሉም ቅጂ ይጥፋ ይላል። እዚህ ላይ የትርጉም ፕሮግራሞች የሚፈጥሩት ነገር ይረሳል። በፕሮግራሙ የተሠራ ትርጉም እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከነአማርኛው ትራንስሌሽን ሜሞሪ በሚባል መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። ተርጓሚዋ ዋናውን ፋይል አጥፍታ ሜሞሪውን ከተወችው፣ 9,000ውም ቃል እዚያ አለ። ይባስ ብሎ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ሜሞሪ የምትጠቀም ከሆነ፣ በሚቀጥለው ወር ለተፎካካሪ ኩባንያ ስትሠራ የዚህኛው ዓረፍተ ነገር ብቅ ይልና ሳታስተውል አዲሱ ሰነድ ውስጥ ልታስገባው ትችላለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ ሜሞሪ መክፈት ከመጀመሪያው ቀን መደረግ ያለበት ነገር ነው። በኋላ መለየት በጣም አድካሚ ነው።

ስትሰርዝ አቃፊውን፣ የቆሻሻ መጣያውን፣ የማውረጃ አቃፊውን፣ የስልኩን ቅጂ፣ የቴሌግራሙን መልእክት፣ የደመና ባካፑንና የኢሜይል አባሪውን በየተራ ታያለች። ከዚያ «በውሉ መሠረት ያሉኝን ቅጂዎች በዚህ ቀን አጥፍቻለሁ» ብላ ለኤጀንሲው አንድ መስመር ትጽፋለች። ውሉ ራሱ፣ ደረሰኙና የክፍያ ደብዳቤው ግን አይጠፉም፤ ለግብርም ለክርክርም ያስፈልጋሉ። የማጥፊያው አንቀጽ እነዚህን እንዲለይ አስቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ሥራዋን ለቀጣይ ደንበኛ እንዴት ታሳይ? «የመድኃኒት ሙከራ ተሳታፊዎች መግለጫ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ 9,000 ቃል» ብሎ መጻፍ፣ ስም ሳይጠሩ፣ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። የኩባንያውን ስም ወይም ናሙና ገጽ ማውጣት ግን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል። ናሙና የሚያስፈልጋት ከሆነ ለሕዝብ ይፋ የሆነ የጤና ጽሑፍ ወስዳ ለናሙናነት ብቻ ብትተረጉም ይሻላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ነገር ሊሳሳት ይችላል። ላፕቶፑ ታክሲ ውስጥ ይረሳል፣ ኢሜይል ለተሳሳተ ሰው ይሄዳል። ያኔ የመጀመሪያው ፍላጎት ዝም ማለት ነው፤ «ምናልባት ማንም አላየው» በማለት። ዝምታው ከስህተቱ የሚብሰው ለምን እንደሆነ ከደንበኛው ወገን ሆነን እንይ። በአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ የግል መረጃ ሲወጣ የመረጃው ባለቤት ድርጅት ማወቁን ተከትሎ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ተርጓሚዋ አንድ ሳምንት ዝም ብላ ቆይታ ብትናገር፣ ከእሷ መዘግየት የተነሳ እነሱ የማያመልጡት ጥያቄ ይመጣባቸዋል።

ስለዚህ በዚያው ቀን ትጽፋለች። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ የትኛው ፋይል እንደሆነ፣ ዲስኩ የተመሰጠረ መሆን አለመሆኑን፣ ምን እርምጃ እንደወሰደች። የይለፍ ቃሎቿን ቀይራለች፣ ኢሜይል የደረሰውን ሰው እንዲያጠፋና እንዲያረጋግጥላት ጠይቃለች፣ ላፕቶፕ ከሆነ ለፖሊስ አመልክታለች። ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን «ለደረሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ብሎ መጻፍ ጠበቃ ሳያማክሩ የሚደረግ አይደለም። ዲስኩ የተመሰጠረ ከነበረ ይህ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ኢሜይል ያልቃል፤ ታክሲ ውስጥ የቀረው ላፕቶፕ ለሚያገኘው ሰው የማይከፈት ብረት ነው።